የተቧጨረ ሲዲና ዲቪዲ ላይ ያለን መረጃ ስለ ማውጣት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎንደር በብዙ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከፎቶ አልበም ጎን፣ የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ወይም የጥምቀት በዓል የተቀረጸባቸው አሮጌ ዲስኮች አሉ። አብዛኞቹ ያለ ማቀፊያ የተቀመጡና እርስ በርስ የተፋተጉ በመሆናቸው፣ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ግማሽ ላይ ይቆማሉ። በኮምፒውተር ጥገና ሥራዬ ላይ ስለነዚህ ዲስኮች ደጋግመው ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹን ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። መልሶቹ በተለይ የሚያተኩሩት ከዲስኩ ላይ ሙሉ ግልባጭ በመውሰድ ላይ ነው፤ ከቤት ሳይወጣ ሊሠራ ከሚችለው ሁሉ ብዙውን መረጃ የሚያተርፈው ይህ መንገድ ስለሆነ ነው።

የዲስኩ ስምና የፋይሎቹ ዝርዝር ይታያል፤ ፋይሉን ስቀዳው ግን መሐል ላይ ይቆማል። ለምንድን ነው?

በሲዲም ሆነ በዲቪዲ ላይ መረጃ የሚጻፈው ከመሐል ቀዳዳው አጠገብ ተጀምሮ ወደ ውጭው ጠርዝ እየዞረ በሚሄድ አንድ ረጅም መስመር ላይ ነው። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በመስመሩ መጀመሪያ፣ ማለትም ወደ መሐል በተጠጋው ክፍል ነው። ስለዚህ ያ አካባቢ ጤነኛ ከሆነ፣ ውጭኛው ክፍል ምንም ያህል ቢጎዳ ዝርዝሩ በትክክል ይታያል። ችግሩ የሚገለጠው ሌዘሩ ወደ ተጎዳው ቦታ ሲደርስ ነው። ዊንዶውስ በዚያን ጊዜ `Data error (cyclic redundancy check)` የሚል መልእክት ሲያወጣ፣ ሊኑክስ ደግሞ `Input/output error` ይላል። የሁለቱም ትርጉም አንድ ነው፦ ድራይቩ ቦታውን ደጋግሞ ለማንበብ ሞክሮ፣ ያነበበው ነገር ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ አልቻለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዲስኩን ከመውቀስዎ በፊት በደንብ የሚሠራ መሆኑን የሚያውቁትን ሌላ ዲስክ በዚያው ድራይቭ ይሞክሩ። በበጋ ወራት አቧራ ወደ ድራይቩ ውስጥ ገብቶ የሌዘሩን ሌንስ ሲሸፍን ደኅናው ዲስክም መቆራረጥ ይጀምራል። ሁለቱም እምቢ ካሉ ጥፋቱ የድራይቩ ነው።

ጭረት መረጃውን አጥፍቶታል ማለት ነው ወይስ ማንበቡን ብቻ ነው የከለከለው?

ይህ የሚወሰነው ጭረቱ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ነው። በተለይ በሲዲ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራውና በእርግጥ ሊፈራ የሚገባው ገጽ የተለያዩ ናቸው። ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሲሆን፣ መረጃው ያለው ከታች በሚያብረቀርቀው ገጽ ላይ ሳይሆን ከላይ፣ ስም በሚጻፍበት ገጽ ሥር ነው። በመረጃውና በውጩ ዓለም መካከል በዚያ በኩል ያለው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። በመሆኑም ከታች በኩል ያለ ጭረት የሌዘሩን መንገድ ያደናቅፋል እንጂ መረጃውን አይነካውም፤ ከላይ በኩል ስም ለመጻፍ የተጫነ የእስክሪብቶ ጫፍ ግን መረጃ የያዘውን ሽፋን ቧጥጦ ሊያነሣው ይችላል፤ ያ ደግሞ በምንም ዘዴ አይመለስም።

ሲዲውን ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፖል አቅንተው ከላይኛው ገጽ በኩል ይመልከቱ። ብርሃን እንደ መርፌ ቀዳዳ ወይም እንደ ቀጭን መስመር ሾልኮ የሚታይበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ የነበረው ሽፋን ተነሥቷል። ብርሃን የማይሾልክ ከሆነና ጭረቱ ከታች ብቻ ከሆነ መረጃው አሁንም በቦታው አለ።

ዲቪዲ በዚህ ረገድ ይሻላል። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሳሕኖች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነና መረጃው በመካከላቸው ስለሚቀመጥ፣ የላይኛው ገጽ መቧጨር ሲዲን እንደሚጎዳው አይጎዳውም። የዲቪዲ ድክመት ሌላ ነው፤ መረጃው በጣም የተጠጋጋ በመሆኑ አንድ ጭረት በአንድ ጊዜ ብዙ ይሸፍናል።

ከጭረቱ ጥልቀት ይበልጥ ደግሞ አቅጣጫው ወሳኝ ነው። በሁለቱም ዓይነት ዲስኮች ላይ መረጃው ሲጻፍ ስሕተት ማረሚያ የሚሆን ተጨማሪ መረጃ አብሮት ይጻፋል። በመስመሩ ርዝመት በሲዲ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በዲቪዲ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ተከታታይ ጉዳት ቢኖር ድራይቩ ራሱ አርሞ ያልፈዋል። ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የወረደ ጭረት እያንዳንዱን የመስመር ዙር የሚቆርጠው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ለዓይን አስፈሪ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ ይታረማል። የዲስኩን ክብ ተከትሎ የተጋደመ ጭረት ግን በዚያው መስመር ላይ ረጅም ርቀት ስለሚሄድ ከማረሚያው አቅም በላይ ይሆናል።

ከመጀመሬ በፊት ዲስኩን በምን ላጽዳው?

በመጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ያጥቡት፤ በአሸዋ ወይም በአቧራ ላይ ጨርቅ መሳብ አዲስ ጭረት ስለሚፈጥር ማጠቡ ከመወልወሉ መቅደም አለበት። የጣት አሻራና ቅባት ካለበት አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው በጣትዎ ጫፍ ቀስ ብለው ያሹትና በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። ከዚያም ለስላሳ በሆነ፣ ለምሳሌ መነጽር በሚወለወልበት ዓይነት ጨርቅ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ እየሳቡ ያድርቁት። በክብ መወልወል የማይገባው ከላይ በተገለጸው ምክንያት ነው፤ በስሕተት ጭረት ቢፈጠር እንኳን ሊታረም በሚችለው አቅጣጫ እንዲሆን ነው። ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲኩን ያደበዝዙታልና በፍጹም አይጠቀሙባቸው።

ፋይሎቹን እንደ ተለመደው ጎትቼ ፍላሽ ላይ ብገለብጣቸው ምን ችግር አለው?

ችግሩ ኮምፒውተሩ መጥፎ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚያደርገው ነገር ነው። በተለመደው አቀዳድ ኮምፒውተሩ ያንን ቦታ ደጋግሞ ይሞክርና በመጨረሻ ፋይሉን በሙሉ ይተወዋል። 1 ጊጋባይት ከሚሆን የቪዲዮ ፋይል ውስጥ የተጎዳው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ቢሆንም ምንም አያገኙም። በተጨማሪም ድራይቩ ያለ ጥቅም አንድ ቦታ ላይ ሲጉረመርም ይቆያል፤ የሚነበበው ክፍልም ተራው ሳይደርሰው ይቀራል።

ትክክለኛው አካሄድ የፋይሎቹን ነገር ለጊዜው ትቶ፣ ዲስኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁራጭ በቁራጭ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል መገልበጥ ነው። ቁራጩ ሴክተር ይባላል፤ በመረጃ ዲስክ ላይ አንዱ ሴክተር 2048 ባይት ይይዛል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ፕሮግራም `ddrescue` ይባላል፤ በነጻ የሚገኝና በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ነው። በመጀመሪያ ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፤ የሚያስቸግረውን ዘሎ ያልፋል፤ የዘለለውንም በካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል። በቀጣዩ ዙር የሚመለሰው ወደ ተመዘገቡት ቦታዎች ብቻ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ካርታ ነው፤ ከታች የሚነገረው ሁሉ የሚቻለው በእርሱ ምክንያት ነው።

ሊኑክስ የለኝም፤ ምን ላድርግ?

ኮምፒውተርዎን መለወጥ አያስፈልግም። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ላይ አዘጋጅተው ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሣትና ሳይጭኑት መጠቀም ይችላሉ፤ ፕሮግራሙን ለማውረድ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ግልባጩን የሚያስቀምጡበት ሌላ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ያዘጋጁ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናቅፍ አንድ ነገር አለ፦ አብዛኞቹ ፍላሾች `FAT32` በሚባለው አሠራር ፎርማት ተደርገው ይመጣሉ፤ ይህ አሠራር ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የአንድ ሙሉ ዲቪዲ ግልባጭ ወደ 4.7 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ሥራው ሊያልቅ ሲል ይቆምብዎታል። ፍላሹ ላይ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው አስቀድመው በ`exFAT` ወይም በ`NTFS` ፎርማት ያድርጉት።

ግልባጩ የሚወሰደው እንዴት ነው?

ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ፕሮግራሙን ከጫኑ በኋላ ዲስኩን አስገብተው ድራይቩ በምን ስም እንደ ተመዘገበ ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ `sr0` ነው።

```
sudo add-apt-repository -y universe
sudo apt update
sudo apt install gddrescue
lsblk
```

ኡቡንቱ ዲስኩን በራሱ ከፍቶት ከሆነ መጀመሪያ ያላቅቁት፤ ከዚያም ግልባጩ ወደሚቀመጥበት ማኅደር ገብተው የመጀመሪያውን ዙር ያስጀምሩ።

```
sudo umount /dev/sr0
sudo ddrescue -n -b 2048 /dev/sr0 serg.iso serg.map
```

`serg.iso` ግልባጩ ሲሆን `serg.map` ካርታው ነው። `-n` የሚለው አስቸጋሪ ቦታዎችን ለመፋቅ አሁን ጊዜ አታጥፋ ማለት ነው። ይህ ዙር ሲያልቅ ድራይቩን ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት አውርደው ሁለተኛውን ዙር ይጀምሩ።

```
sudo eject -x 4 /dev/sr0
sudo ddrescue -d -r 3 -b 2048 /dev/sr0 serg.iso serg.map
```

`-d` ኮምፒውተሩ በመሐል ሳይገባ ከድራይቩ በቀጥታ እንዲነበብ ያደርጋል፤ `-r 3` ደግሞ ያልተነበቡትን ቦታዎች ሦስት ጊዜ ደግመህ ሞክር ማለት ነው። ፍጥነት መቀነሱ ጥቅም ያለው፣ ዲስኩ በቀስታ ሲሽከረከር የሌዘሩ ራስ መስመሩን ለመከተል በቂ ጊዜ ስለሚያገኝ ነው። የፍጥነቱን ትእዛዝ የማይቀበሉ ድራይቮች አሉ፤ ይህ ከሆነ ያለ እርሱ ይቀጥሉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ በሁሉም ዙሮች የግልባጩና የካርታው ስም ፊደል ሳይለወጥ ተመሳሳይ መሆን አለበት። የካርታውን ስም ከረሱ ወይም ከሳቱ ፕሮግራሙ የተነበበውንና ያልተነበበውን ስለማያውቅ ሥራውን ከዜሮ ይጀምረዋል።

መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ካርታው በየጊዜው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ የሚያጡት የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ብቻ ነው። መብራት ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ደግመው ይስጡ፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በ`Ctrl+C` ራስዎ አቁመው በማግሥቱ መቀጠልም ይቻላል። በፍላሽ ከተነሣ ኡቡንቱ የሚሠሩ ከሆነ ግን ግልባጩንና ካርታውን ዴስክቶፕ ላይ አያስቀምጡ፤ ያ ቦታ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነው።

ከእውነተኛ ዲስክ ላይ እንዴት እንደሚሆን በምሳሌ ሊያሳዩን ይችላሉ?

ከአዘዞ የመጣ አንድ የሰርግ ዲቪዲ ነበር። ይዘውት የመጡት እናት ልጃቸውን የዳሩበት ነው፤ «ልጄ፣ መልሱ ላይ ሲደርስ ይደርቃል፤ አባቷ የሚመርቁት ደግሞ እዚያ ላይ ነው» አሉኝ። ዲስኩን አገላብጬ ስመለከተው ከታች በኩል፣ ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ክቡን ተከትሎ የተጋደመ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጭረት ነበረበት። የሚደርቀው መልሱ ላይ መሆኑ ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ቀረጻው ከመሐል ተጀምሮ ወደ ጠርዝ ስለሚሄድ የሰርጉ መጨረሻ የሚገኘው ጠርዙ አካባቢ ነው። የጭረቱ ስፋት ለዓይን የፀጉር ያህል ቢመስልም፣ በዲቪዲ ላይ በሁለት ጎረቤት ዙሮች መካከል ያለው ርቀት 0.74 ማይክሮ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጭረት ከ100 በላይ ዙሮችን ይሸፍናል።

ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ 3.9 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ያልተነበበው 61 ሜጋባይት ሆኖ ተገኘ። ይህ የሚያስደነግጥ ቁጥር መሆን የለበትም፤ ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ዙር ከመጥፎ ቦታ ሲሸሽ በአካባቢው ያለውን ደኅና ቦታም አብሮ ይዘላልና። በዝቅተኛ ፍጥነት በተደረገው ሁለተኛ ዙር ቀሪው ወደ 9 ሜጋባይት ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ መንቀሳቀስ አቆመ። በዚያው ድራይቭ ላይ ሌላ ብዙ ሰዓት መጨመር ትርጉም የማይኖረው እዚህ ላይ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ዲስኩን አውጥቶ፣ ግልባጩንና ካርታውን ይዞ ወደ ሌላ ድራይቭ መሄድ ነበር። የመጀመሪያው የላፕቶፕ ስስ ድራይቭ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአሮጌ ዴስክቶፕ የወጣ ዲቪዲ መጻፊያ ነው። የሌዘሩ ጉልበት፣ የሌንሱ ሁኔታና ድራይቩ ስሕተትን የሚያርምበት ብቃት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ አንዱ ያቃተውን ቦታ ሌላው ያለ ችግር ሲያነበው ማየት የተለመደ ነው። ያንኑ ትእዛዝ በዚያው ካርታ ሲሰጡት ሁለተኛው ድራይቭ የሚነካው የመጀመሪያው ያላነበባቸውን ቦታዎች ብቻ ነው። ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ የቀረው `491520 B` ነበር።

ይህ ቁጥር ሲካፈል አንድ ነገር ይነግራል። ዲቪዲ ስሕተት የሚያርመው 16 ሴክተሮችን በአንድ ላይ አስሮ ነው፤ አንዱ እስር 32768 ባይት ይሆናል፤ ካልታረመም አሥራ ስድስቱም ሴክተሮች አብረው ይጠፋሉ። 491520 ለ32768 ሲካፈል 15 ይሆናል፤ ስለዚህ የቀሩት አሥራ አምስት እስሮች ናቸው ማለት ነው። በሰርግ ዲቪዲ ላይ የአንድ ሰከንድ ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ ከ600 ኪሎባይት ያላነሰ ቦታ ስለሚይዝ፣ የጠፋው ሁሉ ተደምሮ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሆኖም ቪዲዮው የሚታመቀው ተከታታይ ምስሎችን እርስ በርስ በማስደገፍ ስለሆነ፣ አንድ እስር ሲጎድል ምስሉ ግማሽ ሰከንድ ለሚሆን ጊዜ በካሬ በካሬ ይበታተንና ይመለሳል። የአዘዞው ሰርግ መልስ ላይ ጥቂት ቦታ ይህ ይታያል፤ የአባትየው ምርቃት ግን ሙሉ በሙሉ ይሰማል።

ግልባጩን ከወሰድኩ በኋላ የትኛው ፋይል እንደ ተጎዳ እንዴት አውቃለሁ?

ቪዲዮ ከሆነ ግልባጩን በ`VLC` በቀጥታ ከፍቶ ማየት ይበቃል። ዲስኩ ፎቶዎችን ወይም ሰነዶችን የያዘ ከሆነ ግን ብዙ መቶ ፋይል አንድ በአንድ መክፈት አይቻልም። ላልተነበቡት ቦታዎች ምልክት የሚሆን ጽሑፍ ሞልቶ ያ ጽሑፍ የሚገኝባቸውን ፋይሎች ማስፈለግ ይሻላል። ዋናው ግልባጭና ዋናው ካርታ እንዳይነኩ ይህ በኮፒያቸው ላይ ብቻ ይደረጋል።

```
cp serg.iso serg2.iso
cp serg.map serg2.map
printf "BAD-SECTOR " > mlkt.txt
ddrescue --fill-mode=- mlkt.txt serg2.iso serg2.map
sudo mount -o loop,ro serg2.iso /mnt
grep -rl "BAD-SECTOR" /mnt
```

የመጨረሻው ትእዛዝ የተጎዱትን ፋይሎች ስም ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ፋይል ሙሉ ነው፤ ከ`/mnt` ውስጥ ያለ ስጋት መቅዳት ይቻላል። ጉዳት የደረሰበት ፎቶ ብዙውን ጊዜ እስከ ተወሰነ ቦታ ድረስ ደኅና ሆኖ ከዚያ በታች ግራጫ ይሆናል ወይም ቀለሙ ይዛባል። የታመቁ ፋይሎች፣ ለምሳሌ `.zip`፣ በጥቂት ባይት ጉድለት እንኳን ላይከፈቱ ይችላሉ፤ በእነዚህ ላይ ተጨማሪ ዙር መሞከር ያዋጣል።

በቪዲዮ ዲቪዲ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። `VIDEO_TS` በሚባለው ማኅደር ውስጥ መጨረሻቸው `.IFO` የሆኑ ትንንሽ ፋይሎች ይገኛሉ፤ ቪዲዮው የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። የተጎዳው ከእነርሱ አንዱ ከሆነ ቪዲዮው ደኅና ሆኖ ሳለ ዲቪዲው አልከፈት ይላል። መፍትሔው እዚያው ነው፦ እያንዳንዱ `.IFO` ፋይል በተመሳሳይ ስም መጠባበቂያ የሆነ `.BUP` ፋይል ስላለው፣ ማኅደሩን ወደ ሃርድ ዲስክ ቀድተው የ`.BUP`ን መጨረሻ ወደ `.IFO` መለወጥ ይበቃል።

ጭረትን በጥርስ ሳሙና ማጥፋት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ጉዳት ያስከትላል። የጥርስ ሳሙና የሚሠራው በውስጡ ባሉት ደቃቅ ፋቂ ቅንጣቶች ነው፤ የጭረቱን ሹል ጠርዝ ስለሚያለዝበው ሌዘሩ ያነሰ ይበተናል፤ እንደ ተቧጨረ የመነጽር መስታወት ጭረቱ ሲለሰልስ ከወዲያ ያለው ጥራት ይጨምራል። ነገር ግን ፋቂው ያለ ልዩነት ደኅናውንም ቦታ ይፍቃል። ስለዚህ በቅድሚያ በተቻለ መጠን ግልባጭ ይወሰድ፤ ቢያንስ ሁለት ድራይቭ ይሞከር፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ክፍል በእርግጥ አስፈላጊ ከሆነ ብቻ ጭረቱ ያለበት አካባቢ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይታሽ። ነጭና ጄል ያልሆነው የጥርስ ሳሙና ይሻላል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በቀድሞው ካርታ አንድ ዙር ይጨመርለት፤ ከማሸቱ በፊት የተገኘው ሁሉ ግልባጩ ውስጥ ስለሚገኝ ምንም የሚታጣ ነገር አይኖርም። የላይኛው ገጽ ለተጎዳ ሲዲ ግን ይህ ምንም አይጠቅምም።

የዚያው ሰርግ ሌላ ኮፒ በዘመድ ቤት አለ፤ እሱም የተቧጨረ ነው። ይጠቅማል?

እጅግ ይጠቅማል። ከቪዲዮ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተባዝተው የተሰጡና ይዘታቸው ባይት በባይት አንድ የሆነ ኮፒዎች ከሆኑ፣ የመጀመሪያውን ዲስክ አውጥተው ሁለተኛውን ያስገቡና በዚያው ግልባጭና በዚያው ካርታ ይቀጥሉ። ሁለት ዲስኮች አንድ ቦታ ላይ መቧጨራቸው ብርቅ ስለሆነ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። አስቀድመው ግን የሁለቱን መጠንና የፋይሎች ዝርዝር ያወዳድሩ። አንዱ በሌላ ጊዜ የተቆረጠ ወይም በሌላ ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነ ቦታዎቹ አይገጣጠሙም፤ በዚያ ሁኔታ ለሁለተኛው የራሱ ግልባጭና የራሱ ካርታ ይሠራለት።

ድራይቩ ዲስኩን ጭራሽ አያውቀውም፤ ባዶ ነው ይላል። አበቃለት?

ሦስት ምክንያቶችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ጭረቱ ከመሐል ቀዳዳው አጠገብ ከሆነ ድራይቩ የዲስኩን መግቢያ ማንበብ አልቻለም፤ እዚህ ላይ ሌላ ድራይቭ መሞከርና ያንን ትንሽ ቦታ ማሸት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዲስኩ በቪዲዮ ካሜራ ላይ የተቀረጸና ካሜራው ላይ `Finalize` በሚባለው ትእዛዝ ሳይዘጋ የወጣ ከሆነ፣ ምንም ጭረት ሳይኖረው ኮምፒውተር ባዶ ነው ሊለው ይችላል፤ ያንኑ ካሜራ አግኝቶ መዝጋት ነው መፍትሔው። የመጨረሻው ቤት ውስጥ የተጻፈ ዲስክ በፀሐይ ላይ ሲቆይ የሚደርስበት ነው፤ መረጃው የተጻፈበት ቀለም ስለሚደበዝዝ ገጹ ጥርት ብሎ እያለ አይነበብም። መስኮት ሥር የኖረ ዲስክ ይህ ደርሶበት ከሆነ ማሸት አይረዳውም፤ የሚረዳው በዝቅተኛ ፍጥነት በተለያዩ ድራይቮች መሞከር ብቻ ነው።

ከመሐል ቀዳዳው የተነሣ ስንጥቅ ያለበትን ዲስክ ግን በፈጣን ድራይቭ ውስጥ አያስገቡ። ፈጣን የሲዲ ድራይቭ በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ስለሚያሽከረክር የተሰነጠቀው ዲስክ እዚያው ውስጥ ሊበታተንና ድራይቩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ግልባጩ ተወስዶ ካለቀ በኋላ አሮጌውን ዲስክ ልጣለው?

ካርታው ላይ ያልተነበበ ቦታ ከቀረ አይጣሉት። ዲስኩን በማቀፊያ አድርገው፣ ከግልባጩና ከካርታው ኮፒ ጋር ያስቀምጡት፤ የተሻለ ድራይቭ ወይም የዚያው ቀረጻ ሌላ ኮፒ በተገኘ ጊዜ ሥራው የሚቀጥለው ከቀሩት ጥቂት ሴክተሮች ነው። ስክሪኑ ላይ የተነበበው 100% ከሆነ ደግሞ ግልባጩን ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ አንዱን ሃርድ ዲስክ ላይ ሌላውን በሌላ ሰው ቤት፣ ካስቀመጡ በኋላ ዲስኩን ማስወገድ ይችላሉ።